የማሩ ገንቦና ስድስተኛው ተራ

እትዬ ጥላነሽ በአጥር ቀዳዳ አየሁ አላለችም። «አጥሩን ሳስጠጋ ዓይኔ ወደቀበት» ነው ያለችው። ረቡዕ ወደ ማታ ነው አሉ፣ የዚያ ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ላንድሮቨር የብርጓል ደጅ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ። አፉ በጨርቅ የታሰረ የማር ገንቦ አቅፎ ገባ። ባዶ እጁን ወጣ።

«እኔ ምንም አልል» አለች እትዬ ጥላነሽ። ምንም አልል ብላ ስትጀምር ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቀናል። «እኔ ከኪዳን በቀር መውጫ የሌለኝ ሰው ነኝ። ጠዋት ኪዳን አድርሼ እመለሳለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ግን የመንግሥት ሥራ ይዞ የማር ገንቦ በማታ የሚገባለት ሰው፣ ማሩን ብቻውን አይልሰውም። የከተማውን ውሃ ነው የሚልሰው።»

ሐሙስ ለምሳ ወሬው ደብረ ማርቆስን ዞሮ ተመልሶ የብርጓል ጆሮ ደረሰ። በመንገድ ላይ ገንቦው ሁለት ሆኖ ነበር።

የብርጓል ማን ናት? ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ያለፋት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ በውሃ ሥራው ጽሕፈት ቤት በታይፕ የምትጽፍ ሴት ናት። ጽሕፈት ቤቱ ከገበያው በላይ ካለው የድንጋይ ቤት ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነው የተቀመጠው። ከእሷ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ታረቀኝ የሚባል ሰው ነበር። እሱ የአንድ መንገድ ጥናት ክፍያ ወረቀት ላይ «ቀኑ ደርሷል» ብሎ ፈረመ። ቀኑ ደርሶ ነበር፣ እውነት ነው። ጥናቱ ግን አልደረሰም፣ እስከ ዛሬም አልደረሰ። ታረቀኝ አሁን ፍርድ ቤቱ ደጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፋል። የብርጓል በዚያ ባለፈች ቁጥር «እንደምን ዋልሽ የወንበሬ ባለቤት» ይላታል። ቀልዱ ነው። እሷ ግን አንድም ቀን ስቃለት አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ነው። አዲሱ የውል ኃላፊ አቶ አካለ ወልድ ሰባት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ቀጭን ሰው ነው፣ ሲናገር የሰው ፊት ሳይሆን የሰው እጅ ያያል።

«ይኼ የአማካሪው የሥራ መመሪያ ነው» አለ። «ድርጅቱ የጥድ ውሃን ምንጭ አጥንቶ፣ ውሃው ለከተማው ይበቃል አይበቃም ብሎ ይነግረናል። ፈረንጆቹ ጽፈውት አዲስ አበባ ላይ ተተርጉሟል። ወይዘሮ የብርጓል፣ ሰው ይኼን አንብቦ ምን እንደሚረከብ አያውቅም፤ ወሬ ነው የሚመስል። ዝርዝር አድርገሽ አውጪልኝ። ምን ያስረክባል፣ መቼ ያስረክባል፣ ማን አይቶ ይቀበላል፣ የትኛው ርክክብ የትኛውን ክፍያ ያስለቅቃል። በሚመጣው ሰኞ ከውሉ ጋር ተያይዞ ይፈረማል።»

«የቀረ ነገር ቢኖርስ ጌታዬ?»

«ዝርዝሩ ላይ ያልገባ ነገር የሚጠይቀው የለም። ከሥሩ አዘጋጅ ብለሽ ትፈርሚያለሽ።»

አዘጋጅ ብለሽ ሲል እጇን አየ። እሷም ወንበሯን ነካ አደረገች፣ እንዳለ ለማወቅ ያህል።

በማግስቱ መሐንዲስ ቢያዝን መጣ። የድርጅቱ ሰው ነው፤ ክራቫት ያሠረ፣ ጠረኑ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ። «እኅት ዓለም፣ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ?» አለና አንድ ገጽ አወጣ። ዝርዝሩ ተሠርቶ፣ ተጽፎ፣ ተሰምሮ አልቋል። አራት መስመር ናት። ሲፈረም ሠላሳ በመቶ፣ ጥር ሠላሳ ቀን ሠላሳ በመቶ፣ የካቲት ሠላሳ ቀን ሠላሳ በመቶ፣ የቀረው አሥር የመጨረሻው ጥናት ሲቀርብ።

የብርጓል አመስግና ተቀበለች። ሲወጣ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። ሠርግ ሳይጠራ ድግስ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ወይ ዘመድ ነው ወይ ሌባ ነው። ዘመድ ደግሞ አልነበራትም።

ከዚያ ሥራዋን ያዘች። ሰማያዊና ቀይ እርሳስ አውጥታ ሰባቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አማካሪው «ያደርጋል»፣ «ያቀርባል»፣ «ይለካል» የተባለበትን ሁሉ በሰማያዊ አሰመረች። መጨረሻው ገጽ ላይ «የሚቀርቡ ሪፖርቶች» ብሎ ሦስት ነገር ብቻ ዘርዝሯል። ሌላው ግዴታ ሆድ ውስጥ ነው የተደበቀው። አንዱ «የአሠራር ዘዴ» በሚለው፣ አንዱ «ጠቅላላ» በሚለው። ሰው መጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልብጦ ቢሄድ ሦስት ሪፖርት ተቀብሎ ምንጩ ሳይለካ ይቀራል። ለቅማ ስትጨርስ አሥራ አንድ ሆኑ። የመሐንዲሱ ዝርዝር ላይ አራት መስመር፣ እዚህ አሥራ አንድ ግዴታ።

እያንዳንዱን በየተራው አኖረችው። የሚያስረክበው ነገር፣ መመሪያው ላይ የትኛው ገጽና ቁጥር እንዳለ፣ ቀኑ፣ የሚቀበለው ሰውና የመቀበያ ማስረጃው፣ የሚያስለቅቀው ክፍያ። ክፍያውንም ለቀን አልሰጠችም። ቀን እንደሁ ሳይሠሩም ይደርሳል፤ የታረቀኝን ቤት ያፈረሰው እሱ ነው። መጀመሪያ አሥራ አምስት በመቶ፣ እሱም የባንክ ዋስትና አስይዞ። ሃያው የሥራ ዕቅዱ ታይቶ ሲጸድቅ። አርባው የምንጩ ልክ የተጻፈበት መዝገብና የመካከለኛው ሪፖርት ተመርምሮ ተቀባይነት በጽሑፍ ሲያገኝ። የቀረው ሃያ አምስት በመጨረሻው ጥናት።

ያልገባትን በራሷ አልፈጠረችም፣ ሌላ ወረቀት ላይ ጥያቄ ብላ ጻፈችው። «በቂ ቅጂ ይላል፣ ስንት ነው?» «በምንጩ የሚያጠጡትን ገበሬዎች ያማክራል ይላል፣ እንዳማከረ በምን እናውቃለን?» አቶ አካለ ወልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጇ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ፊቷን አየ። «ስድስት ቅጂ» አለ። ለገበሬዎቹም ቃለ ጉባኤ፣ ሽማግሌዎቹ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት።

ስድስተኛው ተራ ላይ ምንም ጥያቄ አልነበራትም። መመሪያው «የምንጩ ፍሰት በ5/1973 በየቀኑ ይለካል» ይላል። ዘመኑ የፈረንጅ እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ እኛ በስልሳ አምስት ነን። ስምንት ቀነሰች። አምስተኛ ወር፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። «ጥር 1965» ብላ ጻፈችና አለፈች።

ገንቦው የመጣው በዚህ መካከል፣ ረቡዕ ማታ ነው። እሷ ጓሮ ነበረች። ሾፌሩ ለእናቷ «ከጌታዬ የተላከ ነው» ብሎ አስቀምጦ ሄደ። የብርጓል ስትገባ ገንቦውን አየችና በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እናቷ በጣታቸው ነክተው ቀምሰው ነበር።

«ጥሩ ማር ነው» አሉ አሮጊቷ።

«እንዳይነካ እማዬ።»

«ነክቻለሁ እኮ።»

«ሌላ እንዳይነካ።»

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ፣ የማርቆስ ደወል ለኪዳን ሲደወል፣ ገንቦውን አዝላ በነጠላ ሸፍና ወጣች። ጓደኛዋ አልጣሽ ለገበያ የሚሄደውን ድንች አህያ ላይ ስትጭን አገኘቻት። አልጣሽ ሮብ ገበያ ከሚባለው አገር ናት፣ ከጮቄ ሥር ተወልዳ እዚህ ያገባች፤ ምላሷ እንደ አገሯ ብርድ ነው።

«ምንድን ነው ያዘልሽው? ልጅ ወለድሽ እንዴ?»

«ማር ነው። ሊያስሩኝ ነው።»

«በማር የሚታሰር ንብ ብቻ ነው» አለችና ገንቦውን ከበስተኋላ ደግፋ አብራት ወጣች። መንገዱ በእትዬ ጥላነሽ ደጅ ፊት ነው። በሩ ዝግ ነበር፣ ከውስጥ ማንኮራፋት ይሰማል።

አቶ አካለ ወልድ ቢሮ ሲገባ ገንቦው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳይነካው ዞረው። «ለምን ላንቺ ተላከ?» አላት። «ከዚህ በፊትስ የተላከ አለ?»

«የለም ጌታዬ።»

«የለም የሚለውን ሁሉም ይላል» አለ። ግን መዝገብ አውጥቶ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፣ አስፈረማት፣ ገንቦውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጽፈውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ያነብ ጀመር። ሰፈሩ ማር በላች ይላል፣ አለቃዋ ማር አሳየችን እንጂ ሌላውን ምን እናውቃለን ይላል። ወሬውና ጥርጣሬው በመካከላቸው እሷን እንደ ጥጥ ዳመጧት።

ዓርብ ቀን መሐንዲስ ቢያዝን ረቂቁን ሊያይ መጣ። ስለ ገንቦው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ እሷም አልተነፈሰችም። ተራ በተራ ተከራከረ። የባንክ ዋስትናው በዛ አለ። «ተቀባይነት ሲያገኝ» የሚለው አልጣመውም፤ «ባቀረብኩ ጊዜ ይሁን፣ እናንተ አንድ ዓመት ብታስቀምጡትስ?» አለ። እውነትም አለው። አቶ አካለ ወልድ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንመልሳለን፣ ጉድለቱንም ዘርዝረን እንነግርሃለን ብሎ አስገባለት። በቅጂው ቁጥር ተከራከረ። ሽማግሌዎቹ አውራ ጣት ያሳርፉ በሚለው ሳቀ። አምስተኛው ተራ ላይ ላቡን ጠረገ። ስድስተኛው ላይ ደረሰ። «የምንጩ ልክ፣ ጥር 1965።» አነበበ፣ ብዕሩን ነካ አደረገ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ሰባተኛው አለፈ።

ያቺ «ጥሩ ነው» የብርጓል ሆድ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። አርባ በመቶ የሚያስለቅቀው ያ ተራ ነው። በስድስት ቅጂ ወረቀት ግማሽ ሰዓት የጮኸ ሰው፣ በአርባ በመቶ ላይ እንዴት ዝም ይላል? ገበያ ያደገ ሰው ያውቃል፣ ሻጩ ሳይከራከር እሺ ካለ ስፍሩ ጎድሏል።

ቅዳሜ ገበያ ወጣች። አልጣሽ ድንቿን ፊቷ ከምራ ተቀምጣለች። የብርጓል አጠገቧ ቁጭ አለችና ነገሩን ነገረቻት።

«ምኑን ነው የሚለካው?» አለች አልጣሽ።

«ጥድ ውሃን። ምን ያህል እንደሚፈስ።»

«መቼ?»

«በጥር።»

አልጣሽ ድንች መምረጧን ተወች። «በጥርማ የእኔም አፍንጫ ይፈሳል። ጥድ ውሃ በጥር መንገድ ዘሎ ነው የሚሄደው። እኔ እዚያ ነው እንስራ ተሸክሜ ያደግሁት። ግንቦት ላይ ሂጂና እዪው፣ በቅል ጨልፈሽ እንስራ እስኪሞላ ሁለት ሴት ተጣልታ ትታረቃለች። በጥር ለክቶ ይበቃል ብሎ ቧንቧ ቢያስቀብር፣ ግንቦት ላይ ከቧንቧው የሚወጣው ንፋስ ነው። የትኛው ሞኝ ነው በጥር ለኩ ያለ?»

«መመሪያው ነው። አምስተኛ ወር ይላል።»

«የማን አምስተኛ?»

የብርጓል ተነሥታ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ድንጋዩ ቤት ሄደች። ቁልፍ አላት፣ ከፈተች። ሰባቱን ገጽ ዘረጋች። 5/1973። ዓመቱን ከፈረንጅ ወደ እኛ አምጥታዋለች፣ ወሩን ግን እዚያው እንዳለ በእኛ ቆጥራዋለች። ግማሹን ተርጉማ ግማሹን ረስታ። ግድግዳው ላይ ሁለቱንም ዘመን የያዘ የባንክ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ ግን የሚሸፍነው እስከ ታኅሣሥ ብቻ ስለሆነ ያለፈውን ግንቦት ገልብጣ አየች። የፈረንጅ አምስተኛ ወር ከሚያዝያ ሃያ ሦስት እስከ ግንቦት ሃያ ሦስት ነው። ምንጩ የሚደርቅበት ልኩ።

ቁጭ አለች። ስህተቱ የእሷ ነው፣ በእሷ ታይፕ፣ አዘጋጅ ከሚለው በላይ። አሁን ብትናገር አቶ አካለ ወልድ ምን ይላል? ረቡዕ ማር መጣ፣ ዓርብ የድርጅቱ ክፍያ አራት ወር ቀደመለት። ይኼን ማን ስህተት ይለዋል? ዝም ብትል ደግሞ እስከ ግንቦት የሚያውቅ የለም። ምናልባት እስከ ሌላው ዓመት። ከዚያ በኋላ ግን ከታረቀኝ ጎን አንድ ዛፍ አለ።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት አቶ አካለ ወልድ ዘንድ ገባች። ቆማ ነገረችው። ሁለቱን ወረቀትና ቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

አቶ አካለ ወልድ እጇን አየ። «ማን ነገረሽ?»

«ድንች ሻጭ።»

«ድንች ሻጭ» አለ። «ማሩ የመጣው ወሩን ከጻፍሽ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

«በኋላ ጌታዬ። ማክሰኞ ነው የጻፍሁት። ረቂቁ ላይ ቀን አለበት።»

ረቂቁን አውጥቶ ቀኑን አየ። መዝገቡን አውጥቶ የገንቦውን ቀን አየ። ደግሞ አየ። አመነ ብሎ የሚምል የለም፤ ግን በቀይ እርሳስ ጥርን ሰረዘና «ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ቀን 1965» ብሎ ጻፈ። «እንደገና ታይፕ አድርጊው» አለ። «የአንቺንም ስም ከሥሩ።»

መሐንዲስ ቢያዝን ተቀምጦ ስድስተኛው ተራ ላይ ሲደርስ ጠረኑ ሳይቀር የጠፋ መሰለ።

«ይኼ እኮ ዓርብ የተስማማነው አይደለም።»

«መመሪያው ላይ ያለው ነው» አለ አቶ አካለ ወልድ። «ዝርዝሩ ከመመሪያው ወጣ እንጂ መመሪያው ከዝርዝሩ አልወጣም። ዓርብ ጥር ሲል አላየኸውም?»

«የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ተቀበልሁ።»

«ሌላውን ሁሉ አልተቀበልህም እኮ።»

መሐንዲሱ አዲስ አበባ ስልክ ልደውል አለ። ሄዶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሲመለስ ለመፈረም ብዕር አወጣ። ያን ጊዜ አቶ አካለ ወልድ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ገንቦውን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገው።

«መጀመሪያ ይኼን ተረከብ» አለ። «አንድ ገንቦ ማር፣ ከላይ በጣት የተነካ። አይተህ ፈርምልኝ።»

ፈረመ። ምን ያድርግ። ያወቀ ነው፣ አላወቀ፣ ጥርን ሲያይ ዝም ያለው በተንኮል ነው ወይስ እሱም ቸኩሎ ነው፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሾፌሩ ብቻ ገንቦውን ተሸክሞ ሲወጣ ሳቀ።

ከተማው ግን ይኼን ሁሉ አላየም። ከተማው ያየው መሐንዲሱ ፊቱን አኮሳትሮ ላንድሮቨሩን አስነሥቶ መሄዱን ነው። ውሃው እስከ ግንቦት ዘገየ ተባለ። ለምን ዘገየ? ማሩ አነሳት፣ ሌላ ገንቦ ጠየቀች።

በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር እትዬ ጥላነሽ ቤት ነበር። የጾም ነው፣ ዳቦና ጠላ፣ ሽሮ። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። የብርጓል ስትገባ ሁለቱ ተጠጋጉ፣ መቀመጫ ለመስጠት ሳይሆን ሌላ ለመናገር። አልጣሽ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

እትዬ ጥላነሽ ጠላ እየቀዳች ዞረች። የብርጓል ጋ ስትደርስ ጣሳዋን ግማሽ ሞልታ ቆመች።

«አይ፣ ለአንቺስ ጠላ አይሆንሽም» አለች። «ማር የለመደ ጉሮሮ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ወደ ነጠላዋ ውስጥ፣ አንዷ በግልጽ። የብርጓል ጣሳውን አየች። ምን ብላ ትመልስ? መዝገቡ ቢሮ ነው፣ ፊርማው ቢሮ ነው፣ እዚህ ያለው አፍ ብቻ ነው።

«እኔ በሰው አልፈርድም» አለች እትዬ ጥላነሽ፣ መሃል ቤት ቆማ። «ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ገንቦው ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሲወጣ ያየ ካለ ይናገር። በማርያም፣ የሰው ስም ማጥፋት አልወድም፣ አንድም ቀን ኪዳን ቀርቼ የማላውቅ ሰው ነኝ።»

አልጣሽ ዳቦዋን ቆረሰች፣ አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ቀና አለች።

«ገንቦው የወጣው ሐሙስ በኪዳን ሰዓት ነው፣ እትዬ ጥላነሽ፣ በደጅዎ ፊት። ከኋላ ደግፌ አብሬያት ያለፍሁት እኔ ነኝ። በርዎ ዝግ ነበር፣ ከውስጥ ያንኮራፋው ማን ነው?»

በግልጽ የሳቀችው አፏን ያዘች። ጣሳውም ግማሽ እንደሆነ በእትዬ ጥላነሽ እጅ አየር ላይ ቀረ።